የአምስት ደቂቃ ፒች፦ በችግሩ ልጀምር፣ በቁጥሩ ወይስ በጥያቄው?

ሲድ ደረጃ ላይ ያለ፣ ማለትም የመጀመሪያ ገንዘቡን የሚፈልግ ስታርታፕ ኢንቨስተር ፊት ሲቆም ብዙ ጊዜ የሚሰጠው አምስት ደቂቃ ነው። በዚህች ጊዜ ሦስት ነገር መናገር አለባችሁ። የምትፈቱት ችግር ምንድን ነው? እስካሁን ገበያ ላይ ምን ሠርታችሁ አሳይታችኋል? (በዘርፉ ሰዎች አፍ ትራክሽን የሚባለው ይሄ ነው።) ሦስተኛው ጥያቄው ነው። ስንት ትፈልጋላችሁ፣ ለምን፣ በምን ውል?

ሦስቱም መኖር እንዳለባቸው የማያውቅ የለም። የሚያከራክረው የትኛው ይቅደም፣ የትኛው ይርዘም የሚለው ነው። መሥራቾች ሲለማመዱ ብዙ ጊዜ አብሬያቸው ቁጭ እላለሁ። ያየሁት ነገር ቢኖር ቅደም ተከተሉን የሚመርጡት በሚወዱት ክፍል ነው። ችግሩ የሚያንገበግበው ሰው ስለ ችግሩ ሦስት ደቂቃ ያወራል። ፕሮግራመሩ ስለ ሶፍትዌሩ። ገንዘብ መጠየቁን ሁሉም ወደ መጨረሻ ይገፋዋል።

እኔ ምርጫውን ከሰሚው እጀምራለሁ። ሰሚው ገና ቁጭ እንዳለ መጀመሪያ የሚጠራጠረው ምንድን ነው? «ይሄ ችግር እውነት አለ ወይ?» ከሆነ በችግሩ ጀምሩ። «ችግሩንስ አውቀዋለሁ፤ እናንተ ትችሉታላችሁ ወይ?» ከሆነ በቁጥሩ ጀምሩ። «ገብቶኛል፤ የእኔ ገንዘብ ምን ይቀይራል?» ከሆነ ደግሞ በጥያቄው። ሦስቱን ስክሪፕቶች በአንድ ምሳሌ እያነጻጸርን እንያቸው።

ምሳሌያችን

ኩባንያውም ቁጥሮቹም ለማሳያ የተሠሩ ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ ለግል ፋርማሲዎች ሶፍትዌር የሚያቀርብ ስታርታፕ አለ እንበል። ሶፍትዌሩ የትኛው መድኃኒት ስንት ቀረ፣ የአገልግሎት ጊዜውስ መቼ ያልፋል የሚለውን ይከታተላል። ፋርማሲው በወር 2,500 ብር ይከፍላል። ኩባንያው 14 ወሩ ነው። ዛሬ 71 ፋርማሲዎች ይከፍላሉ፤ ከሦስት ወር በፊት 38 ነበሩ።

አንድ ዝርዝር ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን። አዲስ ፋርማሲ ሲገባ አንድ ሠራተኛ እዚያ ሁለት ቀን ቁጭ ብሎ መደርደሪያው ላይ ያለውን መድኃኒት በሙሉ ይመዘግባል። ወር ውስጥ 22 የሥራ ቀን ቢኖር አንድ ሰው 11 ፋርማሲ ብቻ ነው የሚያስገባው። ኩባንያው ያለው ይህን የሚሠራ ሰው አንድ ነው። 40 ፋርማሲዎች ተራ እየጠበቁ ነው።

መጀመሪያ ሰዓቱን ወደ ቃል ቀይሩት

አምስት ደቂቃ ስንት ቃል ነው? በእንግሊዝኛ ብዙ ሰው በደቂቃ 130 ወይም 140 ቃል ይናገራል። ይህን ቁጥር ይዛችሁ አማርኛ ስክሪፕት ከጻፋችሁ ሰዓት ያልቅባችኋል። የአማርኛ ቃል ከባድ ነው። «አልከፈሉንም» አንድ ቃል ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን ወደ አምስት ቃል ይሆናል። እኔ ረጋ ብዬ ሳነብ በደቂቃ 95 ቃል ገደማ ይወጣኛል። እናንተም አንድ ገጽ ጮክ ብላችሁ አንብቡና በስልክ ሰዓት ያዙ።

በ95 ቃል ብናሰላ አምስት ደቂቃ 475 ቃል ነው። እኔ ግን 430 ላይ እንድታቆሙ እመክራለሁ። ስላይድ ሲቀየር፣ ማይክ ሲስተካከል፣ ትንፋሽ ሲወሰድ ግማሽ ደቂቃ ትሄዳለች።

ሦስቱ ስክሪፕቶች ሰዓቱን በሴኮንድ እንዲህ ይከፋፍሉታል። ድምራቸው 300 ነው፤ ትንሽ ብትሸራርፉት ችግር የለውም።

| ክፍል | ችግር ቀዳሚ | ቁጥር ቀዳሚ | ጥያቄ ቀዳሚ |
|---|---|---|---|
| ችግር | 90 | 40 | 30 |
| መፍትሔ | 45 | 30 | 30 |
| ትራክሽን | 75 | 120 | 90 |
| ገበያና ቡድን | 30 | 40 | 30 |
| ጥያቄ | 60 | 70 | 120 |

ችግሩና ትራክሽኑ ቦታ ሲቀያየሩ ተመልከቱ። ጥያቄው ደግሞ በየትኛውም ስክሪፕት ከ60 ሴኮንድ አይወርድም።

ችግር ቀዳሚ

ለአማርኛ ተናጋሪ የሚቀናው ይሄኛው ነው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እየተባልን ነው ያደግነው። ነገር ከመነሻው ካልተነገረ ጎደሎ ይመስለናል። ይህ ልማድ የሚጠቅምበት ቦታ አለ። ችግሩን ኖሮት የማያውቅ ሰው ፊት ስትቆሙ ነው። ለምሳሌ ናይሮቢ ወይም ለንደን የተቀመጠ ኢንቨስተር። እሱ አገር ፋርማሲ ክምችቱን በሶፍትዌር ሲከታተል ኖሯል። መድኃኒት መደርደሪያ ላይ እያለ ጊዜው የሚያልፍበት ነገር ላይገባው ይችላል።

አከፋፈቱ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«አንዲት ፋርማሲስት ከባንኮኒዋ ሥር ካርቶን አወጣችልን። ውስጡ ጊዜያቸው ያለፈ መድኃኒቶች ናቸው። የልጆች ሽሮፕ አለ፣ የደም ግፊት ክኒን አለ። ሁሉንም ከፍላ ነው የገዛቻቸው። አሁን መሸጥ አትችልም። እንደ ቆሻሻ አውጥታ መጣልም አትችልም። "ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ሳላየው አለፈበት" አለችን። ዕቃዋን የምትከታተለው በእጅ በምትጽፈው መዝገብ ነው። ካርቶኑ ውስጥ በሦስት ወር የተጠራቀመ የ38,000 ብር ዕቃ አለ።»

ሰው አለ፣ ዕቃ አለ፣ የብር መጠን አለ። ሦስቱ አንድ ላይ ካልመጡ ችግሩ አይታይም። «በአገራችን የመድኃኒት አቅርቦት ሰንሰለት በርካታ ተግዳሮቶች ይስተዋሉበታል» ብትሉ ማንም አይቃወምም። ማንም አያስታውሰውም ደግሞ። የብሩን መጠን በተለይ አትርሱት። በሦስት ወር 38,000 ብር የምታጣ ፋርማሲ በሦስት ወር 7,500 ብር ለሶፍትዌር ብትከፍል ያዋጣታል። ሰሚው ይህን ስሌት ራሱ ይሠራዋል። ዋጋችሁ ትክክል መሆኑን ገና ሳትናገሩ አስረድታችኋል ማለት ነው።

የዚህ ስክሪፕት አደጋው መርዘሙ ነው። 90 ሴኮንድ የተባለው ችግር በመድረክ ላይ በቀላሉ ሁለት ደቂቃ ተኩል ይሆናል። ታሪኩ ሰሚውን ሲይዘው ደስ ይላችኋል፤ ሁለተኛ ታሪክ ትጨምራላችሁ። ሰዓቱ ግን አይጨምርም። የሚቆረጠው ሁልጊዜ ከኋላ ነው፤ ከኋላ ያለው ደግሞ ጥያቄው ነው። አንድ ችግር፣ አንድ ሰው፣ አንድ ካርቶን ይበቃል።

ሌላ ምልክት ልንገራችሁ። ከፒቹ በኋላ የመጀመሪያው ጥያቄ «እሺ፣ እናንተ ግን በትክክል የምትሠሩት ምንድን ነው?» ከሆነ ችግሩ መፍትሔውን ውጦታል። ከችግሩ ወደ መፍትሔው የሚያሻግር አንድ ግልጽ ዓረፍተ ነገር ይኑራችሁ። «የእኛ ሶፍትዌር መድኃኒቱ ጊዜው ሊያልፍ ሦስት ወር ሲቀረው ለፋርማሲስቷ ስልክ ላይ ይነግራታል» አይነት። ያኔ ቀድማ ትሸጠዋለች ወይም ለአከፋፋዩ ትመልሰዋለች።

ቁጥር ቀዳሚ

አዲስ አበባ ውስጥ፣ እዚሁ የሚኖሩ ኢንቨስተሮች ፊት የምታቀርቡ ከሆነ ስለ እጅ መዝገብ ሁለት ደቂቃ ማውራት ለቀባሪው አረዱት ነው። ሰውየው ትናንት ለእናቱ መድኃኒት ፍለጋ አምስት ፋርማሲ ዞሯል። ችግሩን አሳምራችሁ ስለነገራችሁት አይደነቅም። እሱ የሚጠራጠረው ሰው ለሶፍትዌር ይከፍላል ወይ የሚለውን ነው። ስለዚህ እንዲህ ጀምሩ፦

«71 ፋርማሲዎች በየወሩ 2,500 ብር ይከፍሉናል። ከሦስት ወር በፊት 38 ነበሩ። ከዓመት በፊት መክፈል ከጀመሩት የመጀመሪያ 20 ፋርማሲዎች 17ቱ ዛሬም ይከፍላሉ። የሚከፍሉት መድኃኒት መደርደሪያ ላይ እያለ ጊዜው እንዳያልፍባቸው ነው።»

ስንት ቁጥር እንዳለው ተመልከቱ። ሦስት ነገር ነው የነገራችሁት። ስንት ይከፍላሉ፣ በምን ፍጥነት አደጉ፣ ከገቡ በኋላ ይቆያሉ ወይ። እኔ ከሦስቱ በጣም የምወደው የመጨረሻውን ነው። 17 ከ20 ማለት ዕቃው ይሠራል ማለት ነው። አዲስ ደንበኛ በማስታወቂያም በዘመድም ይመጣል። ከዓመት በኋላ ከኪሱ እያወጣ የሚከፍል ደንበኛ ግን በይሉኝታ አይመጣም።

እነዚህን ቁጥሮች ስትናገሩ ሦስት የተለመዱ ስህተቶች አሉ። እዚህ ጋ ልቆይ፤ ብዙ ፒች የሚፈርሰው እዚህ ነው።

የመጀመሪያው «የገቡ» እና «የሚከፍሉ» መቀላቀል ነው። ኩባንያችን 96 ፋርማሲዎች ሶፍትዌሩን ሞክረዋል እንበል። «96 ደንበኞች አሉን» ማለት ያጓጓል። ከዚያ ኢንቨስተሩ 2,500 በ96 ያባዛና 240,000 ብር ይጠብቃል። የባንክ መግለጫው ላይ የሚያገኘው 177,500 ነው። የጎደለው 62,500 ብር ብቻ አይደለም። ከዚያ በኋላ የምትሉትን ሁሉ በጥርጣሬ ነው የሚሰማው። «96 ሞከሩ፣ 71 ይከፍላሉ» በሉ። እንዲህ ስትሉት ጥሩ ቁጥር ነው፤ ከአራቱ ሦስቱ ገደማ ገንዘብ አውጥተዋል ማለት ነው።

ሁለተኛው የድምር ግራፍ ነው። «ከተመሠረትን ጀምሮ የገባ ገቢ» ብላችሁ የሚወጣ መስመር ብታሳዩ መስመሩ ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው። ድምር አይወርድም። ባለፈው ወር አንድም ሰው ባይከፍል እንኳ ባለበት ይቆማል እንጂ አይወርድም። ልምድ ያለው ኢንቨስተር ይህን ግራፍ ሲያይ «የወር በወሩን አሳየኝ» ይላል። እናንተ ቀድማችሁ አሳዩት።

ሦስተኛው የእኛ አገር ጉዳይ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ከዚያ ወዲህ በብር ብቻ የሚነገር የገቢ ዕድገት ለውጭ ኢንቨስተር ብዙ አይነግረውም። «ገቢያችን እጥፍ ሆነ» ስትሉት በልቡ «ዋጋ ጨምረው ይሆን?» ይላል። ስለዚህ በብር ከምትጀምሩ በማይረክስ ነገር ቁጠሩ። የሚከፍሉ ፋርማሲዎች ብዛት፣ በቀን የተመዘገበ ሽያጭ፣ የታዘዘ ዕቃ። ብሩ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ከኋላው የዶላሩን ግምትና ያሰላችሁበትን ምንዛሬ ጨምሩ።

ይህ ስክሪፕት የማይሆነው መቼ ነው? ቁጥሩ ከሌለ ነው። የሚከፍሉት አራት ፋርማሲዎች ቢሆኑና ሁለቱ የመሥራቹ ዘመዶች ቢሆኑ በቁጥር መጀመር ራስን ማጋለጥ ነው። ያኔ ወደ ችግር ቀዳሚው ተመለሱ። ትራክሽኑን ደግሞ በብዛት ሳይሆን በጥልቀት ንገሩ። አንዲቷን ፋርማሲ ውሰዱ። ከእናንተ በፊት በሦስት ወር 38,000 ብር ታጣ ነበር፤ ባለፉት ሦስት ወራት 6,000 ብር ብቻ ነው ያለፈባት። አንድ በደንብ የተለካ ደንበኛ ከሃያ ባዶ ምዝገባ ይሻላል። አራቱን «በርካታ» ብላችሁ አትጥሩ። «በርካታ» የምትል ቃል ፒች ውስጥ ስሰማ ቁጥሩ ትንሽ እንደሆነ ወዲያው አውቃለሁ። ኢንቨስተሩም ያውቃል።

ጥያቄ ቀዳሚ

ይሄኛው ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ቁጭ እንዳሉ ብር መጠየቅ ነውር ይመስላል። መድረክ ላይ፣ ከማያውቋችሁ ሃምሳ ሰዎች ፊት፣ እኔም አልመክረውም። የሚሠራው ሰነዱን ቀድሞ ካነበበ ሰው ጋር ቢሮ ውስጥ ስትገናኙ ነው። ሁለተኛ ቀጠሮ ላይም እንዲሁ። ሰውየው ችግሩን አንብቧል፣ ቁጥሩን አይቷል። ለመስማት የቀረው «ከእኔ የምትፈልጉት ምንድን ነው?» የሚለውን ነው።

«80,000 ዶላር እየሰበሰብን ነው። በዚህ ገንዘብ በ18 ወር ውስጥ ከ71 ፋርማሲ ወደ 500 እንደርሳለን። በ500 ፋርማሲ ወጪያችንን በገቢያችን እንሸፍናለን። ዛሬ የማሳያችሁ ለምን 500፣ ለምን 18 ወር፣ ለምን 80,000 እንደሆነ ነው።»

ከዚህ በኋላ ያሉት አራት ደቂቃዎች ለሦስቱ «ለምን» መልስ ናቸው። ለዚህ ነው ስክሪፕቱ ጠንካራ የሚሆነው። ለዚህም ነው የሚከብደው። ቁጥሩ ከአየር የተወሰደ ከሆነ በሁለተኛው ደቂቃ ይታወቃል።

ይህን ስክሪፕት ባትመርጡትም የጥያቄውን ክፍል ግን በዚህ ጥንካሬ ነው መጻፍ ያለባችሁ። ስለዚህ ስሌቱን አብረን እንሥራው።

ጥያቄው ከየት ይመጣል?

አንድ ፋርማሲ በወር 2,500 ብር ይከፍላል። ለስልክ ድጋፍ፣ ለሰርቨርና ለጉብኝት 700 ብር ይወጣበታል እንበል። የሚተርፈው 1,800 ነው። ቡድኑ ካደገ በኋላ ደመወዝና ኪራይ በወር 900,000 ብር ይሆናል። 900,000ን ለ1,800 አካፍሉት፤ 500 ይሆናል። 500 ፋርማሲ የመጣው ከዚህ ነው። ጥሩ የሚመስል ድፍን ቁጥር ስለሆነ አልተመረጠም።

ከ71 ወደ 500 ለመሄድ 429 አዲስ ፋርማሲ ያስፈልጋል። በ18 ወር ሲካፈል በወር 24 ይሆናል። አሁን ያለው አንድ መዝጋቢ የሚችለው 11 ነው። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ዝርዝር ይሄ ነው። ሁለት መዝጋቢ ሲጨመር በወር እስከ 33 ማስገባት ይቻላል። 24 ሊደረስበት የሚችል ሆነ ማለት ነው። ገንዘቡ ምን እንደሚቀይር በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር የምትችሉት አሁን ነው፦ «40 ፋርማሲ ተራ እየጠበቀን ነው፤ የሚመዘግብ ሰው ነው ያጣነው።»

አሁን ብሩ። አንዱን ፋርማሲ ማስገባት 6,000 ብር ቢፈጅ ለ429ኙ 2.6 ሚሊዮን ገደማ ነው። በወር የሚጎድለው ደግሞ መጀመሪያ 770,000 ብር ገደማ ሆኖ ቀስ በቀስ ወደ ዜሮ ይወርዳል። በአማካይ 386,000 ቢሆን በ18 ወር 7 ሚሊዮን ይጠጋል። ሁለቱ ሲደመሩ 9.5 ሚሊዮን ገደማ። ነገር እንደታሰበው ስለማይሄድ 2.5 ሚሊዮን መጠባበቂያ ጨምሩ። 12 ሚሊዮን ብር ሆነ። ዶላሩን በ150 ብር ብናሰላው 80,000 ዶላር ነው።

ይህ ሁሉ ስሌት መድረክ ላይ አይነገርም። መድረክ ላይ የሚነገረው እንዲህ ነው፦

«80,000 ዶላር እንፈልጋለን። 18 ወር ያስኬደናል። ሁለት መዝጋቢና አንድ የሽያጭ ሰው እንቀጥራለን፤ በወር ከ11 ፋርማሲ ወደ 24 እንሄዳለን። 500 ላይ ስንደርስ ወጪያችንን እንችላለን። ገንዘቡን የምንወስደው በሴፍ ውል፣ በ800,000 ዶላር የኩባንያ ዋጋ ጣሪያ ነው። ከዛሬ ጀምሮ በሁለት ሳምንት ውስጥ ልናገኛችሁ እንፈልጋለን።»

ሴፍ የሚባለው የአሜሪካው የስታርታፕ አጋዥ ድርጅት ዋይ ኮምቢኔተር በ2013 እ.ኤ.አ. ያወጣው ውል ነው። ኢንቨስተሩ ዛሬ ገንዘብ ይሰጣል፤ አክሲዮኑን የሚያገኘው ቀጣዩ ትልቅ የገንዘብ ማሰባሰቢያ ዙር ሲመጣ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የተሻሻለው ዓይነት ስሌቱን ቀላል አድርጎታል። 80,000ን ለ800,000 ስታካፍሉት 10 በመቶ ነው። በቀጣዩ ዙር የኩባንያው ዋጋ ከጣሪያው እኩል ወይም በላይ ከሆነ ኢንቨስተሩ የሚይዘው ያው 10 በመቶ ነው፤ ከዚያ በኋላ የአዲሱ ዙር አክሲዮን ሁላችሁንም ይቀንሳችኋል። ይህን ድርሻ መሥራቹ በቃሉ ማወቅ አለበት። «ስንት በመቶ ትሰጡኛላችሁ?» ሲባል ወደ ጓደኛው የሚዞር መሥራች አይቻለሁ። ክፍሉ ውስጥ የነበረው ስሜት ወዲያው ነው የተቀየረው።

ለኢትዮጵያ ኩባንያ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180 የውጭ ባለሀብት ለአንድ ፕሮጀክት ቢያንስ 200,000 ዶላር እንዲያስገባ ደንግጓል። ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር በጋራ ከሆነ 150,000 ነው። የእኛ ጥያቄ 80,000 ነው። ስለዚህ አንድ የውጭ ዜጋ ተነስቶ «እሺ፣ ሰጠኋችሁ» ቢል እንኳ በቀጥታ አዲስ አበባ ያለው ኩባንያ ውስጥ ባለአክሲዮን ለመሆን ሊቸገር ይችላል። ብዙ ስታርታፖች አሜሪካ፣ ዴላዌር ላይ እናት ኩባንያ የሚመሠርቱት አንድም ለዚህ ነው። የሴፍ ውሉም የሚፈረመው ከዚያኛው ኩባንያ ጋር ነው። የእናንተ መዋቅር የትኛው እንደሆነ ከጠበቃ ጋር ጨርሱና በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሩ። ዝም ካላችሁ የጥያቄና መልሱ ጊዜ በሙሉ በዚህ ያልቃል።

ስለ ይሉኝታም ልበል። እኛ ገንዘብ ስንጠይቅ ፈራ ተባ እንላለን። «እንግዲህ አቅማችሁ የፈቀደውን...»፣ «ከ50 እስከ 150 ሺህ ቢሆን...» እያልን ዳር ዳር እንላለን። ለሰሚው ይህ ትሕትና መስሎ አይታየውም። ስንት እንደሚያስፈልጋቸው አያውቁም ብሎ ነው የሚረዳው። አንድ ቁጥር ተናገሩ። ከተናገራችሁ በኋላ ሁለት ሴኮንድ ዝም በሉ። ዝምታው ለእናንተ ረጅም ነው፤ ለሰሚው ግን ቁጥሩን የሚጽፍበት ጊዜ ነው።

ታዲያ የትኛውን?

ለአብዛኛው ሰው፣ በተለይ ከ20 በላይ ከፋይ ደንበኛ ላለውና አገር ውስጥ ለሚያቀርብ፣ ቁጥር ቀዳሚውን ነው የምመርጠው። ሰሚው በመጀመሪያዎቹ 20 ሴኮንዶች ስልኩን ያስቀምጣል። ቀሪው ችግርም ቢሆን ከዚያ በኋላ ይሰማል፤ 71 ሰው የሚከፍልበት ችግር ነዋ።

ከፋይ ደንበኛ ከሌላችሁ ወይም ሰሚው ከሌላ አገር ከሆነ ችግር ቀዳሚውን ያዙ። ሰዓቱን ግን በጥብቅ ጠብቁ። ቢሮ ውስጥ ሰነዳችሁን ካነበበ ሰው ጋር ከሆናችሁ ጥያቄ ቀዳሚው ይሻላል።

አንድ ለየት ያለ ታዳሚ አለ፤ ዋሽንግተን አካባቢ ወይም ሌላ ከተማ የተሰበሰበ የዲያስፖራ ታዳሚ። ችግሩን በስሜት ያውቀዋል። አገር ቤት ላለ ዘመዱ መድኃኒት ገዝቶ በሰው እጅ ልኮ ይሆናል። ስለዚህ የችግሩ ክፍል 30 ሴኮንድ ይበቃዋል። የሚያሳስበው ሌላ ነው። ገንዘቤ በየትኛው መንገድ ይገባል? እንዴትስ ይመለሳል? ትውልደ ኢትዮጵያዊ የውጭ ዜጋ ከፈለገ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት የሚታይበት መንገድ በዚያው አዋጅ አለ። ስለዚህ ከላይ ያየነው የ200,000 ዶላር ወለል ለእሱ ሊቀር ይችላል። ለዚህ ታዳሚ ቁጥር ቀዳሚውን ውሰዱና ከገበያና ቡድን ክፍሉ 20 ሴኮንድ ቀንሳችሁ ወደ ጥያቄው አዙሩት። በዚያች 20 ሴኮንድ መንገዱን ንገሩት።

ገበያና ቡድን በሦስቱም ስክሪፕት አጭር ነው። ገበያውን ከታች ወደ ላይ ቁጠሩት፤ ስንት ፋርማሲ ልትደርሱ ትችላላችሁ፣ በወር ስንት ይከፍላሉ፣ አበቃ። ከቡድኑ ደግሞ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገውን ብቻ አንሱ። አንዷ መሥራች ስድስት ዓመት ፋርማሲ ውስጥ ከሠራች እሱን ተናገሩ፤ የሁሉንም ዲግሪ አትዘርዝሩ።

ስክሪፕቱ መሥራቱን እንዴት ታውቃላችሁ?

ሥራችሁን የማያውቅ ሰው ፈልጉ። የሠፈር ልጅ፣ አክስት፣ የቢሮ ጎረቤት። አምስቱን ደቂቃ አቅርቡለት። ከዚያ ሻይ ጠጡ፣ ሌላ ወሬ አውሩ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሦስት ነገር ጠይቁት። ችግሩ ምን ነበር? ያስታወስከው አንድ ቁጥር ምንድን ነው? ስንት ብር ጠየቅን?

ችግሩን ከተናገረና ብሩን ከረሳ ጥያቄያችሁ ተውጧል። ብሩን አስታውሶ ለምን እንደሆነ ካልነገራችሁ ስሌቱ አልተላለፈም። የሚያስታውሰው ቁጥር 96 ከሆነ ደግሞ ያን ቁጥር ከስክሪፕቱ አውጡት፤ 71ን እየጋረደባችሁ ነው።

ስትለማመዱ ከመጨረሻው ደቂቃ ጀምሩ። ሁላችንም ከመጀመሪያው ስለምንጀምር አከፋፈታችን የሰላ ነው፤ መጨረሻችን ግን ገና ያልተሞረደ ነው። የጥያቄውን ክፍል አሥር ጊዜ ብቻውን በሉት። ቁጥር ቀዳሚውን ከመረጣችሁ ወረቀታችሁ ላይ ሦስት ደቂቃ ከሃምሳ ሴኮንድ የሚደርስበትን ቦታ በቀይ አስምሩ። አንዱ ጓደኛችሁ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሰዓቱ እዚያ ሲደርስ እጁን ያንሳ። እጁ ሲነሳ የትም ሁኑ፣ የጀመራችሁትን ዓረፍተ ነገር ብቻ ጨርሱና «80,000 ዶላር እንፈልጋለን» ብላችሁ ቀጥሉ።